ነፍሰ ጡር ለቃሚና የ16 ዓመት ልጅ፣ ፎስቶክሲን በታጠነ መጋዘን፦ ሥራቸውን እንዴት እናስተካክል?

ዳሞት (ጥር 14)

ሰላም ለሁላችሁ። ቡሬ አካባቢ ባለ የእህል መጋዘን የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። በቆሎ እንቀበላለን፣ እናበጥራለን፣ ሴቶች ይለቅማሉ፣ በ50 እና በ100 ኪሎ ተሞልቶ ይጫናል። በአንድ ሳምንት ሁለት ጉዳይ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ።

አንደኛው፦ ከለቃሚዎቹ አንዷ አምስተኛ ወሯን ጨርሳለች፤ መውለጃዋ ግንቦት 20 ገደማ ተብላለች። ከጤና ጣቢያ ያመጣችው ወረቀት «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ለቀማው የሚካሄደው ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ ነው። በዚያው መጋዘን ጥግ ላይ ነቀዝ የገባበት ክምር በሸራ ተሸፍኖ በፎስቶክሲን እየታጠነ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ እንዳለባት ተናግራለች፤ የቡድን መሪው «የእርግዝና ነው» ብሎ አልፎታል። ፈረቃችን ሦስት ነው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12። እሷም እንደ ሌሎቹ ትዞራለች። ክፍያዋ በለቀመችው ኩንታል ልክ ነው።

ሁለተኛው፦ የቀበሌ መታወቂያው 18 የሚል፣ የትምህርት ቤት ማስረጃው ሲሰላ ግን 16 የሚሆን ልጅ በጫኝና አውራጅ ቡድን ውስጥ አለ። 50 ኪሎ ተሸክሞ መኪና ላይ ይወጣል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራውንም ይፈልገዋል።

ሁለቱንም ማባረር አልፈልግም። ሕጉ በትክክል ምን እንዳደርግ ነው የሚለው?

---

ጊሽ ዓባይ

ወንድም፣ ይህን ያህል አታክብደው። ወረቀቱ ቀላል ሥራ ካለ ጽዳት ላይ መድባት፣ አለቀ። ሌሊትም ቢሆን ራሷ ፈቅጃለሁ ብላ ከፈረመች ችግር የለውም፤ ከልካዩ ያለ ፈቃዷ ማሠራት ነው። ስትወልድ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ትሰጣታለህ። ልጁን በተመለከተ ሕጉ የሚከለክለው ከ14 ዓመት በታች ነው። 16 ከሆነ ሙሉ ሠራተኛ ነው፤ ጉልበት ካለው ይሸከም። እኔ በሰው ኃይል ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ነው የምነግርህ።

---

ጮቄ

ጋሼ ጊሽ ዓባይ፣ የሚናገሩት በአዋጅ 377/1996 ዘመን ልክ የነበረ ነገር አለው፤ አሁን የሚሠራው ግን አዋጅ 1156/2011 ነው። ሁለቱ ነጥቦችዎ ተለውጠዋል፣ ሌሎቹ ደግሞ በድሮውም ልክ አልነበሩም።

ከሌሊቱ ልጀምር። አንቀጽ 87 ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መመደብ ይከለክላል፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም ይከለክላል። «ካልፈቀደች በስተቀር» የሚል ቃል የለውም። ፈርማ ብትሰጥም ፊርማው አሠሪውን አያድነውም። ትእዛዙ የተሰጠው ለመዳቢው ነው፤ የሷ ፈቃድ የሱን ግዴታ አያነሳም። ስለዚህ ዳሞት፣ ሦስተኛው ፈረቃ ከዛሬ ጀምሮ ከስሟ ላይ ይሰረዝ። የሐኪም ወረቀትም አያስፈልገውም፤ ማርገዟን ማወቅህ ይበቃል። ሁለተኛው ፈረቃ ልክ ምሽት 4 ላይ ስለሚያልቅ በሕጉ ያልፋል፣ ነገር ግን የመኪና መጫን ዘግይቶ «ግማሽ ሰዓት ብቻ ቆዪ» የሚባልበት ልማድ ካለ ያን ጊዜ ሌሊትም ትርፍ ሰዓትም በአንድ ላይ ይጣሳል። ለዚህ የመጀመሪያው ፈረቃ ይሻላል።

ሁለተኛው ከሥራ ቦታ መዛወር ነው። መነሻው ነፍሰ ጡር ከመደበኛ የሥራ ቦታዋ ውጪ እንዳትመደብ የሚል ነው፤ ይህ ራሷን የሚጠብቅ ነው፣ «እርጉዝ ነሽ» ተብሎ ሌላ ወረዳ ወዳለ ቅርንጫፍ እንዳትላክ። ከዚህ የሚወጣው አንድ ሁኔታ አለ፦ ሥራው ለጤናዋ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑ በሐኪም ከተረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ልትዛወር ትችላለች። ያንተ ጉዳይ በቀጥታ እዚህ ውስጥ ነው። «ቀላል ሥራ» ግን አደጋውን አይናገርም። ጽዳት ላይ ብትመድባት በዚያው መጋዘን የክምሩን ሥር ነው የምትጠርገው፤ ከለቀማው የባሰ ቦታ ነው።

ስለ ልጁ ለብቻው እመለሳለሁ፤ ዕድሜው ከ14 ወደ 15 ከፍ ብሏል፣ ግን የልጁ ጉዳይ ዝቅተኛው ዕድሜ አይደለም።

---

ብር ሸለቆ

ማጠን ሥራዬ ስለሆነ ፎስቶክሲኑን እኔ ልናገር። እዚህ ክር ላይ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየርና የእህል እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። 3 ግራም የምትመዝን አንዷ ኪኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ትሰጣለች። ጋዙ ከአየር ትንሽ ይከብዳል፣ በሸራ ስፌትና ጠርዝ ይወጣል፣ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ክፍልም ያልፋል። ሸራውን በድንጋይ እዚህና እዚያ መጫን አያሽገውም። ጠርዙ ዙሪያውን ሳይቋረጥ በአሸዋ በተሞላ ረዥም ከረጢት መጫን አለበት።

ብዙ ሰው «ካልሸተተኝ የለም» ይላል። የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ከጋዙ ጋር ካሉ ሌሎች ነገሮች ነው፤ ንጹሑ ፎስፊን ራሱ አይሸትም። እህሉም ሽታውን ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ አፍንጫ መለኪያ አይደለም። ለአቧራ የሚታሰረው ጨርቅም ሆነ የወረቀት ማስክ ጋዙን ምንም አያስቆመውም። ሰው እንዲገባ የሚፈቀደው ልኬቱ ከ0.3 ፒፒኤም በታች መሆኑ በጋዝ መለኪያ ሲረጋገጥ ነው።

እንግዲህ እየታጠነ ባለ መጋዘን ውስጥ ለቀማ መካሄዱ ለነፍሰ ጡሯ ብቻ አይደለም፣ ለማንም አይፈቀድም። እሷን ብቻ አውጥታችሁ ሌሎቹን እዚያው ከተዋችሁ ነገሩ አልተስተካከለም። ሸራው ከተነሳ በኋላም በሮች በሙሉ ተከፍተው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት መጋዘን ከዚያም በላይ፣ መናፈስ አለበት። እህሉ የያዘውን ጋዝ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ አሁን የተከፈተ ከረጢት ላይ አጎንብሶ መልቀም ከፍተኛውን መጠን በቀጥታ መተንፈስ ነው። የሚቀረው ግራጫ ዱቄትም ሙሉ በሙሉ የሞተ አይደለም፤ ማንም በመጥረጊያ እንዳይነካው፣ ያጠነው ሰው ራሱ ሰብስቦ ውጪ ሜዳ ላይ ያስወግደው። ያላለቀ ኪኒን ላይ ውኃ መድፋት ደግሞ እሳት ያስነሳል።

ለዚህ መርዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ልብንና ሳንባን ነው የሚይዘው።

---

አዋላጇ

ብር ሸለቆ የተናገሩት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም የቡድን መሪው «የእርግዝና ነው» ያለው ነገር ዕረፍት ነስቶኛል። የፎስፊን መጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ሳልና ደረት መጨነቅ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማንም ሰው ከእርግዝና ጋር ያምታታቸዋል። ግን የእርግዝና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አራተኛው ወር መጨረሻ ይቀንሳል። አምስት ወር ከጨረሰች በኋላ እንደ አዲስ የጀመራት ከሆነ፣ ሥራ ላይ ስትውል የሚነሳና ከመጋዘኑ ስትወጣ ወይም እሑድ ስታርፍ የሚለቃት ከሆነ፣ ሥራውን ጠርጥሩ። ሌሎቹንም ለቃሚዎች ጠይቁ፤ ያላረገዙትም ራሳቸውን ካመማቸው መልሱ ተገኘ። በሌላ በኩል ራስ ምታቱ ከእግርና ፊት ማበጥ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ከሆነ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም ትምጣ። ደረቷን ካስጨነቃት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ እስከ ነገ አትጠብቁ።

ስለ ወረቀቱ፦ እኛ «ቀላል ሥራ» ብለን የምንጽፈው ምን እንደምትሠራ ስለማይነገረን ነው። «ምን ትሠሪያለሽ?» ስንላት «የቀን ሥራ» ትላለች። ዳሞት፣ እርስዎ በግማሽ ገጽ የሥራውን ሁኔታ ጽፈው ይላኩላት፦ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትቆም ወይም ቁጢጥ እንደምትል፣ ምን ያህል እንደምታነሳ፣ በየትኛው መጋዘን ምን ኬሚካል እንዳለ፣ የኬሚካሉን ስም ከቆርቆሮው ላይ ገልብጠው። ያን ጊዜ ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፦ «በእህል ማጠኛ ፎስፋይድ አካባቢ መሥራት ለጤናዋና ለፅንሱ አደገኛ ስለሆነ እስከ ወሊድ ድረስ ከታጠነ መጋዘንና አሁን ከተከፈተ የታጠነ እህል እንድትርቅ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ በየሁለት ሰዓቱ እንድትቀመጥ።» ይኼ ይሠራበታል። ሕጉ «በሐኪም» ስለሚል በጤና መኮንን ወይም በአዋላጅ የተጻፈውን አንዳንድ መሥሪያ ቤት አይቀበልም። በኛ ጤና ጣቢያዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያያት እሱ ነው። ክርክር እንዳይነሳ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ቢፈርምበት ይሻላል። ነገር ግን ፊርማው እስኪመጣ እዚያው ጋዝ ውስጥ አታስቀምጧት።

---

ጮቄ

ለአዋላጇ ምስጋና ይገባል። «ፊርማው እስኪመጣ» ያሉትን ላጠናክር። አንቀጽ 92 አሠሪው የማንኛውንም ሠራተኛ ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ እሱ ወረቀት አይጠብቅም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለዝውውሩ ነው። ከጋዝ ለማራቅ አያስፈልግም።

ደግሞም ለእርግዝና ክትትል የምትሄድባቸው ሰዓቶች በአንቀጽ 88 መሠረት ከደመወዝ ጋር ናቸው፤ መታየቷን የሚያሳይ ማስረጃ ታቅርብ እንጂ ከዓመት ፈቃዷ አይቀነስም።

---

ዳሞት (ጥር 15)

ትናንት ማታ ለቀማውን በሙሉ ወደ ውጪው ዳስ አውጥተነዋል፣ ሁለተኛው መጋዘን ተዘግቷል። ሌሎቹን ለቃሚዎች ጠየቅሁ፤ ከስድስቱ አራቱ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። መናገር ፈርተው ነው።

አሁን የቸገረኝ ክፍያው ነው። ለሷ ያለኝ ሌላ ቦታ ሚዛን ቤት ውስጥ ተቀምጦ የገባውን ኩንታል መመዝገብ ነው። ማንበብና መጻፍ ትችላለች። ግን የሚዛን ቤቱ መዝጋቢ ወርኃዊ ደመወዙ እሷ በለቀማ በጥሩ ወር ከምታገኘው ያንሳል። ሥራ አስኪያጁ «ቦታው የሚከፍለውን ክፈላት» ይላል።

---

የማኅበር ሰው

ሥራ አስኪያጁ ተሳስቷል። ደመወዝ መቀነስ የሥራ ውሉን መቀየር ነው። አንቀጽ 15 ውል የሚለወጠው በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሁለቱ የጽሑፍ ስምምነት ነው ይላል። እሷ ካልፈረመች በነበራት ክፍያ ትቀጥላለች። ነፍሰ ጡር የሆነችን ሴት «ወይ ትንሽ ውሰጂ ወይ መርዝ ውስጥ ግቢ» ማለት ምርጫ አይደለም።

---

ጊሽ ዓባይ

ስለ አዋጁ ተምሬአለሁ፤ የ60 ቀኑን ወደ 90 አርሜአለሁ። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። የቁርጥ ሠራተኛ የምትከፈለው ባመረተችው ነው። ደመወዝ የሚባል ቋሚ ቁጥር የላትም። ካልለቀመች የኩንታሉን ከየት አምጥቶ ይክፈላት? አንቀጽ 87 ትዛወር ይላል እንጂ በነበራት ክፍያ ይላል እንዴ?

---

ጮቄ

ጋሼ፣ ልክ ብለዋል፤ አንቀጽ 87 ስለ ዝውውሩ ክፍያ በቀጥታ አይናገርም። የማኅበር ሰውም በአንቀጽ 15 የያዘው መንገድ ጠንካራ ነው። ለወር ደመወዝተኛ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ አለ፣ ያለ ስምምነት አይነካም። ለቁርጥ ሠራተኛ ግን የትኛው ቁጥር «የነበራት» እንደሆነ አከራካሪ ነው። የጥሩ ወር? የሐምሌ ወር? የማውቃቸው ሁለት አሠራሮች አሉ። አንዱ ያለፉትን ሦስት ወራት ክፍያ ደምሮ ማካፈል ነው፤ በዚህ ወቅት ግን ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ከፍተኛ ስለሆኑ ለሷ ይጠቅማል፣ አሠሪው ይጮኻል። ሌላው ያለፉትን አስራ ሁለት ወራት መውሰድ ነው፤ ወቅቱን ያመጣጥናል፣ እሷን ግን አሁን በምታገኘው ላይ ይጎዳታል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ዝውውሩ ባይኖር እነዚህን ወራት የምታገኘው በዚያ ልክ ነበር። ይህ የኔ ፍርድ እንጂ የተዘጋ ጉዳይ አይደለም።

የትኛውንም ብትይዙ ዳሞት፣ በቃል አትተወው። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ፦ ከየትኛው ሥራ ወደ የትኛው እንደተዛወረች፣ ምክንያቱ የትኛው አደጋ እንደሆነ፣ የሐኪሙ ወረቀት ቀን፣ የሥራ ሰዓቷ (ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8)፣ ክፍያዋ በብር፣ እና ዝውውሩ ጊዜያዊ መሆኑ፤ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ወደ ቀድሞ ቦታዋ የመመለስ መብቷ እንደተጠበቀ። አንዱ ቅጂ ለሷ፣ አንዱ በፋይሏ፣ አንዱ ለሠራተኛ ማኅበሩ። ሚዛን ቤቱም የት እንዳለ ተመልከት። ከታጠነው መጋዘን ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ብር ሸለቆ ያሉትን አስታውስ።

---

ወይዘሮ ከሞጣ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከዚህ ጋር ይሄድ እንደሆን አላውቅም። ቤቴ የምትሠራ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። ለወጣት ሠራተኛ ሕጉ በቀን 7 ሰዓት ብቻ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔም 7 ሰዓት ብቻ ነው ማሠራት ያለብኝ ማለት ነው? እሑድም ማሳረፍ አለብኝ?

---

ጮቄ

ወይዘሮ፣ ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን ቅጥር አይሸፍንም፤ በአንቀጽ 3 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ተለይቶ ወጥቷል። ያ ማለት ግን ያለ ገደብ ማሠራት ይቻላል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃቸዋል። ሰባት ሰዓቱንና የእሑድ ዕረፍቱን በራስዎ ፈቃድ ቢይዙት፣ ማታ ትምህርት ቢያስገቧት የሚከለክልዎ የለም፤ ደግ ያደርጋሉ።

---

መምህር ፍኖተ ሰላም

የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞቻችንን ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች እንልካለን። ብዙዎቹ 17 ናቸው። አንቀጽ 89 የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪን ለወጣቶች ከተከለከሉ ሥራዎች ገደብ ነፃ ስለሚያደርግ ሞተርና የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ መሥራታቸው ምንም ችግር የለውም ብለን እናስባለን። ልክ ነን? ያንተም ልጅ ሠልጣኝ ተብሎ ቢመዘገብ ዳሞት?

---

ጮቄ

መምህር፣ ግማሹ ልክ ነው። ነፃ የሚሆነው ሥልጣን ባለው አካል በጸደቀና በሚቆጣጠረው የሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ በትምህርቱ አካልነት የሚሠራ ሥራ ነው። ሠልጣኙ በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ሞተር ቢፈታ ያ ነው። ድርጅቱ ግን አሠልጣኝ ሳይኖር የጎደለ ሠራተኛ ቦታ እንዲሞላ ካደረገው፣ ወይም ከሙያው ጋር የማይገናኝ ጆንያ ካሸከመው፣ ሥልጠና መሆኑ ቀርቷል። የዳሞትን ልጅ «ሠልጣኝ» ብሎ መመዝገብ ደግሞ ስም መለወጥ ብቻ ነው፤ መሸከም የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት የለም።

አሁን ስለ ልጁ። ወጣት ሠራተኛ ማለት 15 የሞላውና 18 ያልሞላው ነው። 16 ዓመቱ ስለሆነ መቀጠር ይችላል፤ ዕድሜው አያባርረውም። ችግሩ ሥራው ነው። አንቀጽ 89 ለወጣቶች ከሚከለከሉት መካከል በትራንስፖርትና በመጋዘን ከባድ ነገር ማንሳት፣ መሳብና መግፋትን በስም ጠርቷል። 50 ኪሎ ተሸክሞ በሣንቃ ወደ መኪና መውጣት ከዚህ የተለየ አይደለም። ጎበዝ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። በዚህ ዕድሜ የአጥንቱ ማደጊያ ገና አልተዘጋም፤ ጀርባና ጉልበት ላይ የሚደርሰው ጫና አሁን ባይሰማውም ኋላ ይመጣል። ለሱ ከረጢት መስፋት፣ ባዶ ጆንያ መቁጠርና መለያ ወረቀት መለጠፍ ይሆናል፤ እነሱም ከታጠነው መጋዘን ርቀው። ከፍ ባለ ክምር ላይ መውጣት አይፈቀድለት፤ ክምር ሲናድ አዋቂውንም ይውጣል።

ከሥራው ቀጥሎ ሰዓቱ አለ። አንቀጽ 90 በቀን ከ7 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ፈረቃችሁ 8 ሰዓት ስለሆነ እንዳለ ሊገባበት አይችልም፤ በመጀመሪያው ፈረቃ ከገባ ቀኑ 7 ላይ ይውጣ። አንቀጽ 91 ደግሞ ሌሊትን፣ ትርፍ ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትንና የሕዝብ በዓልን ከልክሏል። እዚህ ላይ በኛ አገር የሚደረግ ስህተት አለ፦ ሠራተኛው በወር በሚውሉ የቅዱሳን ቀናት ስለማይሠራ በምትኩ እሑድ ይግባ ይባላል። ለአዋቂ በስምምነት የሚቻል ይሆናል። የወጣቱን የሳምንት ዕረፍት ግን በምትክ አትንካ።

---

ዳሞት

የዕድሜው ማስረጃ ግን ይጋጫል። መታወቂያው 18 ይላል እኮ። እኔ ተጠያቂ ነኝ?

---

የማኅበር ሰው

መታወቂያ ለማግኘት ዕድሜ የሚጨምር ልጅ ብዙ ነው፤ ቀበሌውም ወላጅ የነገረውን ይጽፋል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ ሥርዓት የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ለዚህ ዕድሜ ልጆች ሲወለዱ የተመዘገበ ወረቀት አይገኝም። የክርስትና መዝገብ፣ የመጀመሪያ ክፍል ምዝገባ፣ የክትባት ካርድ ካለ ተመልከት። ከሁሉ ይልቅ የምታምነው ቀድሞ የተጻፈውን ነው፣ ምክንያቱም ለሥራ ተብሎ አልተጻፈም። አንተ አሁን የትምህርት ማስረጃውን አይተሃል፤ ስለዚህ «አላውቅም ነበር» ከዚህ በኋላ አይሠራልህም። ከተጠራጠርክ እንደ ወጣት ቁጠረው፤ ይህ ማንንም አይጎዳም።

---

ዳሞት

እሺ፣ ገብቶኛል። የመጨረሻ ጥያቄ፤ የወሊድ ፈቃዷን ቀን ከአሁኑ ላስላው። ግንቦት 20 ትወልዳለች ብንል?

---

ጮቄ

ከወሊድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን ስላላት ሚያዝያ 20 ትወጣለች፤ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ቀላል ነው። ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን አለ። ተከታታይ ስለሆነ እሑድም በዓልም ይቆጠራል።

ግንቦት 10 ብትወልድ ከወሊድ በፊት የቀሯት 10 ቀናት ወደ ኋላ አይጨመሩም፤ ዘጠናው ከግንቦት 10 ይጀምርና ነሐሴ 9 ያልቃል፣ ነሐሴ 10 ትመለሳለች። ዘግይታ ሰኔ 2 ብትወልድ ደግሞ ከግንቦት 20 እስከ ሰኔ 1 ያለው ተጨማሪ ፈቃድ ነው፤ ለዚህ የሐኪም ወረቀት ታምጣ፣ ዘጠናውም ከሰኔ 2 ይጀምራል። «ሠላሳው አልቋል ተመለሺ» ብሎ ሆዷ እስከ አፏ ሞልቶ ሚዛን ቤት ማስቀመጥ የሚታይ ስህተት ነው።

አንድ ነገር አትርሳ፦ ከእርግዝናዋ ጀምሮ ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ ውሏ አይቋረጥም፤ ከእርግዝናዋ ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ካልሆነ በስተቀር። ግንቦት 10 ከወለደች አራቱ ወር መስከረም ውስጥ ነው የሚያልቀው። ጳጉሜን መሀል ስለሚገባ ቀኑ ያከራክራል፤ ረዥሙን ያዝ፣ መስከረም 10 በለው።

---

ጊሽ ዓባይ

እኔ የምፈራው ይህን አይደለም። ለቀማ የወቅት ሥራ ነው። መጋቢት መጨረሻ በቆሎው ሲያልቅ የሁሉም ለቃሚ ውል ያልቃል። እሷ ያኔ ሰባተኛ ወሯን አልፋለች። ማባረር ሳይሆን ውል ማለቅ ነው። ዳሞት እስከ መስከረም ይክፈላት?

---

የማኅበር ሰው

ውሏ በእርግጥ የወቅት ውል ነው? ሐምሌና ነሐሴ ምን ሠራች? ሕጉ ማንኛውም ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደሆነ ይገምታል፤ የወቅት ነው የሚል ማሳየት ያለበት አሠሪው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሠራች «የወቅት» የሚለው ቃል አይቆምም።

---

ዳሞት (ጥር 17)

መዝገቡን አየሁት። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ሠርታለች። ክረምቱን አኩሪ አተር ላይ ነበረች፤ ያቋረጠችው ጳጉሜንን ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ አዲስ ውል ተፈራርማለች።

---

ጮቄ

እንግዲያማ በየሦስት ወሩ የተፈረመው ወረቀት የወቅት ሥራ አያደርገውም ብዬ እከራከራለሁ። በእውነት ለአንድ መኸር ብቻ መጥታ ውሏ በራሱ ጊዜ ቢያልቅ ግን ጋሼ ጊሽ ዓባይ ያነሱት ጥያቄ ከባድ ነው፤ የአራት ወሩ ጥበቃ የሚያልቅ ውልን ያራዝማል የሚሉም አያራዝምም የሚሉም አሉ። ውሏ ከተቋረጠና ወደ ሥራ መመለስ ከፈለገች በሦስት ወር ውስጥ ክስ ማቅረብ አለባት፤ ያልተከፈለ ክፍያ ካለ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ። ይህን ዛሬውኑ ብትነግራት መልካም ነው።

---

ብር ሸለቆ

ዳሞት፣ ሁለተኛው መጋዘን መቼ ነው የሚከፈተው? ጋዝ መለኪያ አላችሁ?

---

ዳሞት

የለንም። ሥራ አስኪያጁ ከወረዳው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ጋር እየተነጋገረ ነው። ልጁ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከረጢት ስፌት ላይ ነው፤ ቀኑ 7 ሰዓት ይወጣል። እሷ ነገ ሆስፒታል ትሄዳለች፣ የሥራውን ሁኔታ የጻፍኩትን ግማሽ ገጽ ይዛ። የፎስቶክሲኑን ቆርቆሮ ስም ገልብጬበታለሁ።

---

ብር ሸለቆ

መለኪያ እስኪገኝ ድረስ መጋዘኑን አትክፈቱት። ቁልፉ ያጠነው ሰው ጋር ይሁን፣ በሩ ላይም የታጠነበት ቀን ይጻፍ። ከፍታችሁ ስታናፍሱም እሷና ልጁ በነፋሱ አቅጣጫ እንዳይሆኑ፤ ሚዛን ቤቱ ከበሩ ፊት ለፊት ከሆነ በዚያን ቀን ሌላ ቦታ ትቀመጥ።